60ው ቀን የት ይዋል? አራት የኢንተርንሺፕ ጥሪዎች የተመዘኑበት ጉዳይ

ጉዳዩ የአንዲት የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሪ ነው። የምታጠናው የኢንዱስትሪ ቁጥጥር ሲሆን፣ ከመመረቋ አንድ ዓመት በፊት ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት 5 ቀን፣ በድምሩ ለ60 የሥራ ቀን ኢንተርንሺፕ መውጣት ነበረባት። የትምህርት ክፍሏ የሚጠይቃት በየቀኑ የሚሞላ ሎግቡክ፣ የሱፐርቫይዘር ፊርማና ምዘና፣ በመጨረሻም በገለጻ የሚቀርብ ሪፖርት ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ቦታዎች ተቀበሏት።

የመጀመሪያው ስሙን ሁሉም የሚያውቀው የአንድ ትልቅ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሁለተኛው ጠርሙስ እየሞላ የሚያሽግ መስመር ያለው ፋብሪካ ሲሆን ምደባዋ ጥገና ክፍል ነው። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ፓነል የሚገጣጥም፣ ከባለቤቱ ጋር አራት ሰው ብቻ የሚሠራበት ወርክሾፕ ነው። አራተኛው ደግሞ ከቤት ሆና የምትሠራበት የሶፍትዌር ድርጅት ነው፤ ሥራው ከማሽኖች የሚመጣ የሰንሰር መረጃ ማጥራትና መተንተን ነው።

ተማሪዋ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረገች፤ ሠንጠረዥ አዘጋጀች። ለትምህርት 30 ከመቶ፣ ለክትትል 20፣ ለወጪ 20፣ ለወደፊት ዕድል 30 ከመቶ ክብደት ሰጥታ እያንዳንዱን ቦታ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጠችው። ዋና መሥሪያ ቤቱ 3.9 አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ፋብሪካውና የሶፍትዌር ድርጅቱ እኩል 3.5፣ ወርክሾፑ 3.2 አገኙ። በዚያው ዕለት ለዋና መሥሪያ ቤቱ እሺ ብላ ልትመልስ ስትል የትምህርት ክፍሏ አማካሪ አንድ ጥያቄ አነሡባት፦ «እነዚህን ነጥቦች ከየት አመጣሻቸው?» ከጥሪ ደብዳቤዎቹ ነበር ያመጣቻቸው።

ሠንጠረዡ የደበቀው

የመጀመሪያው ችግር መረጃው ነው። የጥሪ ደብዳቤ ቦታውን ደህና አድርጎ ለማሳየት የሚጻፍ ስለሆነ ከእሱ የተወሰደ ነጥብ የሚለካው የደብዳቤውን ጥራት ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ ስውር የሆነው ችግር ግን የሚገኘው በስሌቱ ውስጥ ነው። ነጥቦች ሲደመሩ አንዱ ጉድለት በሌላው ይሸፈናል። ዋና መሥሪያ ቤቱ በክትትል ያገኘው 3 ነበር። በእውነት የሚከታተላት ሰው የለም ተብሎ ወደ 1 ቢወርድ እንኳ ድምሩ 3.5 ይሆናል፤ ማለትም ከፋብሪካው እኩል ይቆማል። ማንም ሥራዋን የማያይበት ቦታ በሠንጠረዡ ላይ ጥሩ ምርጫ ሆኖ ይቀጥላል ማለት ነው።

ክትትል ከትምህርት ጎን ተቀምጦ የሚደመር ነገር አይደለም። ትምህርቱን የሚያባዛ ወይም የሚያጠፋ ነው። ለምሳሌ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ሽቦ ጫፉ ላይ የብረት ሽፋን ሳይገባለት ተርሚናል ውስጥ ቢታሰር በዚያ ቀን ማሽኑ ይሠራል። ከጥቂት ወራት ንዝረት በኋላ ግን ክሮቹ ይላላሉ፣ መገናኛው ይሞቃል፣ አንዳንዴም ከጎኑ ካለው ተርሚናል ጋር ይነካካል። ተለማማጇ በዚያን ጊዜ ከቦታው ሄዳለች። ያሰረችውን ያየ ባለሙያ ከሌለ የምትማረው «ከሠራ ልክ ነው» የሚለውን ነው፤ ሃምሳ ሽቦ ባሰረች ቁጥርም ስህተቱን ሃምሳ ጊዜ ትለማመደዋለች።

በአማካሪዋ ምክር ሠንጠረዡን ለጊዜው ትታ መረጃ መሰብሰብ ጀመረች። ለዚህ ግን ጊዜ ያስፈልጋት ነበር፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ በ3 ቀን ውስጥ መልስ ይፈልጋል። እሺ ብሎ በኋላ መቅረት በዚያ ቦታ ከሷ በኋላ ለሚመጡ የትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች በር ይዘጋልና ያንን አላደረገችም። እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ለሰጡኝ ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ። ከትምህርት ክፍሌ ጋር ማረጋገጥ ያለብኝ ጉዳይ ስላለ ውሳኔዬን እስከ መጪው ሰኞ ቀትር ላሳውቅዎ እፈልጋለሁ። እስከዚያ ቦታውን ማቆየት ይቻል እንደሆነ እንዲገልጹልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ቁርጥ ያለ ቀንና ሰዓት መጻፉ ለውጥ ያመጣል፤ «ትንሽ ጊዜ ይሰጠኝ» ለሚል ሰው ቦታ የሚያቆይ ብዙም የለም። 2 ቀን ተጨመረላት።

የመማሪያ ቀን መቁጠር

ቀደም ብለው በአራቱ ቦታዎች የተለማመዱ ተማሪዎችን ፈልጋ አገኘች። «ምን ተማርሽ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው በጨዋነት «ብዙ ነገር» ይላል፤ ከዚህ ምንም አይገኝም። የተሻለው ጥያቄ ጠባብ ነው፦ በሁለተኛው ሳምንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ? በስምንተኛውስ? ከተቻለም ሎግቡኩን ማየት። ሎግቡክ ውስጥ «ሰነድ አነበብኩ»፣ «ከሠራተኞች ጋር ተዋወቅሁ» የሚል መስመር ከሁለተኛው ሳምንት በኋላም እየተደጋገመ ከመጣ ቦታው ሥራ የለውም፤ ወይም ለተለማማጅ ያዘጋጀው ሥራ የለም።

መልሶቹን ወደ አንድ መለኪያ ለማምጣት «የመማሪያ ቀን» የሚለውን ተጠቀመች። ይህም ከዘርፏ ጋር የተያያዘ ነገር በገዛ እጇ የምትሠራበት፣ የምትለካበት ወይም ብልሽት የምትፈልግበት ቀን ነው። ዋና መሥሪያ ቤት የነበሩት ሁለት ተለማማጆች የመግቢያ ካርድና ኮምፒውተር ለማግኘት ብቻ 10 የሥራ ቀን ጠብቀዋል። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃ ዝርዝር ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ ቆይተዋል። የመማሪያ ቀን ሊባል የሚችለው 3 ቀን የመስክ ጉብኝትና ወደ 10 ቀን የንድፍ ማመሳከር ሥራ፣ በድምሩ 13 ቀን ነበር።

ፋብሪካው ውስጥ የመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት የደኅንነት ሥልጠና ናቸው፤ ማሽን ከመነካቱ በፊት ኃይሉን አጥፍቶ በቁልፍ መቆለፍን፣ ከዚያም በመለኪያ ማረጋገጥን ይመለከታል። ቀጥሎ ወደ 20 ቀን ያህል መስመሩ ያለ ችግር ሲሠራ በዙር ማየትና ቅጽ መሙላት ብቻ ይሆናል። የሚቀረው 35 የመማሪያ ቀን ነው። አንድ ገደብ ግን አለው፦ ተለማማጅ ማሽኑን የሚያዝዘውን የፒኤልሲ ፕሮግራም ማንበብና መጠባበቂያ ቅጂ መውሰድ ይችላል፤ መቀየር አይፈቀድለትም። አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ የሌላ ሰው እጅ ማሽን ውስጥ እያለ ሊያንቀሳቅሰው ስለሚችል ክልከላው ትክክል ነው። ፕሮግራም መጻፍ ብቻ የምትፈልግ ተማሪ ግን ይህን ቀድማ ማወቅ አለባት።

ወርክሾፑ እስከ 40 የመማሪያ ቀን ሊሰጣት ይችል ነበር፤ ንድፍ ማንበብ፣ ሽቦ ማሰር፣ የተጠናቀቀውን ፓነል መፈተሽ። «ለሚቀጥሉት 12 ሳምንታት በእጅዎ ያለው ትእዛዝ ምን ያህል ነው?» ብላ ስትጠይቅ ግን ባለቤቱ በግልጽ መለሱላት፦ ሁለት የኃይል ማከፋፈያና አንድ የሞተር መቆጣጠሪያ ፓነል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አይታወቅም። በእጅ ያለው ሥራ ብቻ ሲቆጠር 25 ቀን ይሆናል። ከቤት የሚሠራው የመረጃ ሥራ 30 ቀን ያህል ነበር። ከዘርፏ ጋር ያለው ዝምድና ሩቅ በመሆኑ ግን የትምህርት ክፍሉ ሪፖርቱን የሚቀበለው ቀድሞ በጽሑፍ ካጸደቀው ብቻ ነው። ይህ ጥያቄ ከሁሉም በፊት መጠየቅ አለበት፤ 60 ቀን ሠርቶ ሪፖርቱ ውድቅ የሆነበት ተማሪ የሚካስበት መንገድ የለም።

ማን ነው የሚያየው?

ቀጥሎ ክትትሉን መዘነች። ለእያንዳንዱ ሱፐርቫይዘር የቀረበው ጥያቄ ተመሳሳይ ነበር፦ በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንት ተለማማጅ ይኖርዎታል? በሳምንት ስንት ቀን ሥራዬን ያዩታል? እርስዎ በማይኖሩበት ጊዜ ማን ይተካዎታል?

የዋና መሥሪያ ቤቱ ሱፐርቫይዘር የክፍል ኃላፊ ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን 3 ሰዓት ይመድባሉ፤ ተለማማጆቹ 9 ናቸው። ለአንድ ሰው 20 ደቂቃ ይደርሰዋል። ፋብሪካው ውስጥ ያለው የጥገና መሐንዲስ የሚይዘው አንድ ተለማማጅ ብቻ ሲሆን በየቀኑ አብሯት ይሠራል። ጥያቄውን ባትጠይቀው ኖሮ የማይነግራት ነገር ግን ነበረ፦ በ9ኛውና በ10ኛው ሳምንት የዓመት ዕረፍት ይወጣል። የወርክሾፑ ባለቤት ከ5 ቀን 2ቱን ደንበኛ ቦታ ያሳልፋሉ። የሶፍትዌር ድርጅቱ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን የሠራችውን ኮድ በጽሑፍ ይገመግምላታል።

ሁለቱን ነገሮች አባዛቻቸው። የመማሪያ ቀናቱን ሥራዋ በባለሙያ በሚታይበት የጊዜ ድርሻ ስታባዛ የሚገኘው ሠርታ ስህተቷ የሚታረምበት ቀን ነው። ለዋና መሥሪያ ቤቱ 13 በአንድ አምስተኛ ሲባዛ 3 ቀን እንኳ አይሞላም። ለሶፍትዌር ድርጅቱ 30 በሁለት አምስተኛ 12 ቀን ነው። ለፋብሪካው ከ60 ቀን 50ውን መሐንዲሱ ስላለ 35ቱ ወደ 29 ይወርዳል። ለወርክሾፑ 40ው በሦስት አምስተኛ 24 ቀን ይሆናል፤ ትእዛዝ ካልመጣ ግን 15። አንደኛ የነበረው መጨረሻ ወጣ፣ ያውም በሰፊ ልዩነት።

ዋና መሥሪያ ቤቱን ከመተዋ በፊት አንድ ዕድል ሰጠችው። አንድ መሐንዲስ በስም እንዲመደብላትና በሳምንት አንድ ቀን መስክ እንድትወጣ በደብዳቤ ጠየቀች። የመጣው መልስ «ስትመጪ ይታያል» የሚል ነበር። ተለማማጅን በምን ሥራ እንደሚያሰማራ የሚያውቅ ክፍል እንዲህ አይመልስም። በአንጻሩ የፋብሪካው መሐንዲስ በስልክ ሲያናግራት እሱ ራሱ ጠያቂ ነበር፦ መልቲሜትር ይዘሽ ታውቂያለሽ? የኮንታክተር ንድፍ ማንበብ ትችያለሽ? ሱፐርቫይዘሩ የተለማማጁን ችሎታ ለማወቅ መፈለጉ ሥራ ሊሰጠው ማሰቡን ከማንኛውም ደብዳቤ በተሻለ ያሳያል።

የመንገዱ ዋጋ

ገንዘቡን በየትም ቦታ ለማነጻጸር እንዲመች ለአንድ ወር ኑሮዋ የሚያስፈልጋትን 100 እንበለው። ዋና መሥሪያ ቤቱ 60 አበል ይከፍላል፤ ከሁሉም የበለጠው ነው። ለመሄጃም ለመመለሻም ሁለት ሁለት መኪና መያዝ ግን በወር 38፣ ምሳ ውጭ መብላት 22 ያስወጣል። የሚቀረው ዜሮ ነው። ፋብሪካው የሚከፍለው 25 ብቻ ቢሆንም ሰርቪስ አለው። ለምሳ 6፣ ለደኅንነት ጫማ ደግሞ ዋጋው ለሦስት ወር ሲከፋፈል 4 ወጥቶ 15 ይተርፋታል። ወርክሾፑ አይከፍልም፤ በእግር ስለሚደረስ የሚያስወጣው ለመሣሪያ በወር 3 ብቻ ነው። ከቤት የሚሠራው 40 ከፍሎ ለኢንተርኔት 18 ስለሚወስድ 22 ይተርፋል።

ከወሩ ስሌት ይልቅ ብዙዎችን የሚጥለው አበሉ የሚከፈልበት ቀን ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ የመጀመሪያውን ክፍያ የሚፈጽመው በሁለተኛው ወር መጨረሻ ነበር። እስከዚያ ለመንገድና ለምሳ ከራሷ 120 ማውጣት ይኖርባታል፤ ከአንድ ወር ኑሮ በላይ ማለት ነው። በአምስተኛው ሳምንት የመኪና ገንዘብ ያጣ ተለማማጅ መቅረት ይጀምራል፣ ምዘናውም ላይ «በሥራ ገበታ አለመገኘት» ተብሎ ይጻፍበታል።

የሰዓቱ ዋጋ ደግሞ ከገንዘቡ ይብሳል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ጉዞ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ስለሚፈጅ በ60 ቀን 210 ሰዓት ይሆናል። ፋብሪካው 50 ደቂቃ ነው፤ በድምሩ 100 ሰዓት። የ110 ሰዓቱ ልዩነት በ8 ሰዓት ሲካፈል 14 ያህል የሥራ ቀን ነው። ሎግቡክ የሚሞላው፣ ቀን ያልገባት ንድፍ ማታ የሚጠናው በዚህ ሰዓት ነው።

ወጪን በነጥብ መስጠት ያልጠቀመው ለዚህ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «እስከ መጨረሻው ሳምንት የሚያደርስ ገንዘብ አለኝ?» የሚል ነው። መልሱ «አለኝ» ከሆነ የ7 ወይም የ18 ልዩነት ምርጫውን ሊያስቀይር አይገባም። «የለኝም» ከሆነ ግን ሌላው መስፈርት ሁሉ ሞልቶ ቢፈስ ቦታው አያዋጣም። በዚህ መስፈርት የወደቀው ዋና መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነበር።

የወደፊቱ ዕድል

በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ዋና መሥሪያ ቤቱ 5 ያገኘው ስሙ ስለሚታወቅ ነበር። ስትጠይቅ በሁለት ዙር ከገቡ 18 ተለማማጆች የተቀጠረው 1 ነው። ፋብሪካው በሁለት ዓመት ከተቀበላቸው 4ቱ 1 ቀጥሯል። ከዚህ ተነስቶ ፋብሪካው ከአራት እጥፍ በላይ ይሻላል ማለት አይቻልም። ከ4 ሰው አንዱ ባይቀጠር ኖሮ ቁጥሩ ዜሮ ይሆን ነበርና። እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር የሚነግረን ቢኖር መቅጠር ከነጭራሹ የማይታሰብበት ቦታ አለመሆኑን ብቻ ነው።

ይልቅ የሚመረመረው ከ60 ቀን በኋላ በእጇ የሚቀረው ነው። አንደኛው ልታሳየው የምትችለው ሥራ ነው። ፋብሪካው ፎቶ ማንሳት ስለሚከለክል ንድፎቹን በእጇ ደግማ መሣል ነበረባት፤ የሶፍትዌር ድርጅቱ ደግሞ ምንም ነገር ለውጭ ሰው ላለማሳየት ያስፈርማል። ሁለተኛው የድጋፍ ደብዳቤው ነው። 9 ተለማማጅ የያዘ ኃላፊ የሚፈርመው ሰው ሀብት ክፍል ያዘጋጀውን፣ ስም ብቻ የሚቀየርበትን ወረቀት ነው። አብሮ የሠራ መሐንዲስ ግን የትኛውን ብልሽት እንዴት እንዳገኘች ሊጽፍ ይችላል፤ ቀጣሪም ቢደውልለት ያስታውሳታል።

ውሳኔውና የሆነው

ፋብሪካውና ወርክሾፑ ቀሩ። 29ና 24 ሲታዩ ይቀራረባሉ፤ ሁለቱም ግምት ስለሆኑ 5 ቀን ልዩነት ብቻውን ውሳኔ አይሆንም። ምርጫውን የለየው የትኛው ጥርጣሬ አስቀድሞ ሊወገድ ይችላል የሚለው ነበር። የወርክሾፑ ትእዛዝ መምጣት አለመምጣቱን ባለቤቱም አያውቁትም። የፋብሪካው ስጋቶች ግን በንግግር የሚፈቱ ነበሩ። መሐንዲሱ ወደ ማታ ሽፍት ቢዛወር እሷ ቀን እንድትቀርና ሌላ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንዲያያት፣ በዕረፍቱ ጊዜ የሚተካው ሰው በስም እንዲታወቅ በኢሜይል አስጻፈች። ከዚያም እሺ አለች፤ ለሌሎቹ ሦስቱም በዚያው ዕለት የምስጋና መልስ ላከች።

ግምቱ ሙሉ በሙሉ አልያዘም። ትልቁ ዓመታዊ ጥገና፣ መስመሩ ለ5 ቀን ቆሞ ሁሉም ነገር የሚከፈትበት ሥራ፣ የታቀደው በ6ኛው ሳምንት ነበር። በምርት ብዛት ምክንያት ወደ 9ኛው ተገፋ፤ ልክ መሐንዲሱ ዕረፍት ላይ ሳለ። ተተኪው የሜካኒክ ባለሙያ ስለነበር ሎግቡኩን መፈረም እንጂ የኤሌክትሪክ ሥራዋን መመርመር አልቻለም። 29 ይሆናል የተባለው 24 ሆነ። መጠየቅ የነበረባት ለጥገና ክፍሉ ሳይሆን ለምርት ዕቅድ ክፍሉ ነበር፤ መስመሩ የሚቆምበትን ቀን የሚወስነው እሱ ነውና። ስለ ተተኪውም ስሙን ብቻ ሳይሆን ሙያውን መጠየቅ ይገባ ነበር።

ሪፖርቷን የሠራችው በአንድ ማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ነው። ቀበቶው በቀን ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሰከንድ እየቆመ ይነሣ ነበር፤ አጭር ስለሆነ ማንም አይመዘግበውም። ለ4 ሳምንት እያንዳንዱን መቆም ከነሰዓቱና ከነቦታው መዘገበች። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጠርሙስ ሲያልፍ በብርሃን የሚያይ አንድ ሰንሰር ጋ ነበር። ሰንሰሩ አንድ ጊዜ ተቀይሯል፣ ችግሩ ግን ተመልሷል። መሐንዲሱ «ሰንሰሩን ተዪና የተሸከመውን ነገር እዪ» ሲላት መያዣ ብረቱ በንዝረት ላልቶ የሰንሰሩ ጨረር አንጸባራቂውን እንደሚስት አገኘች። መያዣው በማይላላ ብሎን ሲታሰር መቆሙ ቀነሰ። የድጋፍ ደብዳቤዋ ውስጥ የተጻፈውም ይኸው ነው።

መሐንዲሱ ባልነበረበት ሁለት ሳምንት ደግሞ ለምስጋናዋ መልስ የሰጧትን የወርክሾፑን ባለቤት አስፈቅዳ ሁለት ቅዳሜ እሳቸው ዘንድ ዋለች፤ የሽቦ ጫፍ ላይ ሽፋን ማስገባትና የታሰረውን ጎትቶ መፈተሽ እዚያ ለመደች።